የፓስወርድ መቀየሪያው ኢሜይል የት ገባ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ለሥራ የምታመለክትበት ድረ ገጽ ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶታል። ፓስወርዷን ረስታዋለች። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ስድስት ጊዜ ተጭናለች፤ ስድስቱንም ጊዜ «ኢሜይልዎን ይመልከቱ» ተብላለች። ኢሜይሏ ግን ጭር ብሏል።

«ስፓም አይተሻል?»

«ኧረ ስንቴ!»

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ስፓም ነው። ማየቱ ክፋት የለውም፣ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም። እኔ ግን ከዚያ በፊት የምጠይቀው አለ። አካውንቱን የከፈትሽው በየትኛው ኢሜይል ነው?

«በኢሜይሌ ነዋ!» አለችኝ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ድረ ገጹ የሚሰጠውን መልስ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ «በዚህ አድራሻ የተከፈተ አካውንት ካለ ሊንክ ልከናል» ነው የሚለው። «ካለ» የምትለዋን ቃል ማንም ልብ አይላትም። አካውንት ከሌለ ምንም አልተላከም ማለት ነው፤ መልሱ ግን ያው ነው። ይህን የሚያደርጉት አውቀው ነው። «ይህ ኢሜይል እኛ ጋ የለም» ብለው ቢመልሱ፣ ሌባ የሰው አድራሻ እየሞከረ ማን የት አካውንት እንዳለው ይለቅም ነበር። ለደኅንነት ጥሩ ነው። አድራሻው የተምታታበት ሰው ግን ያልተላከ ደብዳቤ ሲጠብቅ ያድራል።

እኛ አገር ደግሞ መምታታቱ የተለመደ ነው። አዲስ ስልክ ስትገዙ የሱቁ ልጅ እዚያው ቆሞ ጂሜይል ይከፍትላችኋል። ስማችሁን ይጽፋል፣ «ተይዟል» ሲባል ቁጥር ይጨምርበታል፣ አለቀ። ስልኩ ሲቀየር ሌላ ይከፈታል። በዚህ መንገድ ሦስት ኢሜይል ያለው፣ አንዱንም በቃሉ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ አድራሻውን ከማስታወስ ይልቅ መፈለግ ይሻላል። ድሮ በገባችሁበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ የመግቢያ ገጹን ክፈቱና ኢሜይል የሚጻፍበትን ሳጥን ንኩት። ብሮውዘሩ በፊት የጻፋችሁትን አድራሻ ሊያወጣላችሁ ይችላል። ክሮም ፓስወርድ እንዲያስቀምጥ ፈቅዳችሁለት ከነበረ ደግሞ passwords.google.com ላይ አድራሻውም ፓስወርዱም ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ መቀየርም ላያስፈልግ ነው።

አጻጻፉንም እዩት። gmial.com ወይም gmail.con ብሎ ጽፎ የሚጠብቅ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ነጥብም አለች። ጂሜይል በስም መሃል ያለችን ነጥብ አይቆጥርም፤ ከነነጥቧም ያለ ነጥቧም የሚላከው እናንተው ጋ ይደርሳል። ድረ ገጹ ግን ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። በነጥብ ከተመዘገባችሁ በነጥብ ጠይቁ። መጀመሪያ የገባችሁት ጉግል ወይም ፌስቡክ የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ከሆነም፣ እዚያ ድረ ገጽ ላይ የሚቀየር ፓስወርድ ጭራሽ ላይኖራችሁ ይችላል። ያንኑ ቁልፍ ተጫኑ።

አድራሻው ትክክል ከሆነ አሁን ወደ ሳጥኑ እንግባ። ፎልደር ከፎልደር አትንከራተቱ። ጂሜይል መፈለጊያ ላይ ይህን ጻፉ፦

```
in:anywhere newer_than:1d
```

ባለፈው አንድ ቀን የገባውን ሁሉ ስፓምና ትራሽ ሳይቀር ያወጣዋል። በስልክ አፑ ላይ ካልታየ በብሮውዘር ግቡ፤ አፑ ሲንክ ማድረግ አቁሞ ሊሆን ይችላል። ቦታ መኖሩንም እዩ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል ብቻ አይደለም፤ ድራይቭና ፎቶም ይጋሩታል። የልጅ ልደት ቪዲዮ ሞልቶት ከሆነ አዲስ ኢሜይል ተመላሽ ይሆናል።

ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ከተገኘስ? እውነቱን ለመናገር ማጣሪያው አይፈረድበትም። «ፓስወርድዎን ለመቀየር ይህን ይጫኑ፣ ሊንኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያበቃል» የሚለው ቃል በቃል የአጭበርባሪዎች አነጋገር ነው። ማጣሪያው ሁለቱን የሚለይበት አንዱ መንገድ የላኪው ማስረጃ ነው። SPF የሚባለው «በዚህ ዶሜይን ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ነው። DKIM ደግሞ ደብዳቤው መንገድ ላይ እንዳልተነካ የሚያሳይ ፊርማ ነው። DMARC እነዚህ ሳይሟሉ ሲቀሩ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይናገራል። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በዚህ ጠበቅ ብለዋል። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ተቀምጦ ይህን ያላስተካከለ ትንሽ ድረ ገጽ ደብዳቤው ስፓም ቢገባ አይገርምም። ኮምፒውተር ላይ በጂሜይል ኢሜይሉን ከፍታችሁ Show original ብትሉ SPF: PASS ወይም FAIL የሚል ታገኛላችሁ። FAIL ካለ ሊንኩን ከመንካታችሁ በፊት ላኪውን ደግማችሁ እዩ። እናንተ ያልጠየቃችሁት ከሆነማ PASS ቢልም አትንኩት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ምክንያት አለ። ከዚያ ድረ ገጽ የሚመጣው ማስታወቂያ ሰልችቷችሁ አንድ ቀን «ስፓም ነው» ብላችሁ ነበር? ወይም ሳጥናችሁ ሞልቶ ደብዳቤያቸው ተመልሶባቸው ነበር? ብዙ ድረ ገጾች ኢሜይል የሚልኩት በሌላ ድርጅት በኩል ነው። ያ ድርጅት እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ አድራሻችሁን «አይላክለት» የሚል መዝገብ ውስጥ ሊከታት ይችላል። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ብትጫኑ ከዚያ አይወጣም፤ እናንተ ጋ ያለ ምንም ነገርም አይፈታውም። በሌላ ኢሜይል ለድጋፍ ሰጪዎቹ ጻፉና አድራሻችሁ መላክ ከተከለከለባቸው ውስጥ እንዳለ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። «ኢሜይል አልመጣልኝም» ብቻ ካላችሁ «ስፓም ይመልከቱ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው እናንተ የማታዩት ማቆያ ውስጥ ታግቶ ሊሆን ይችላል። አይቲዎቹን ጠይቁ።

አንዳንዴ ደግሞ መዘግየት ብቻ ነው። አንዳንድ ተቀባይ ሰርቨር የማያውቀውን ላኪ «ቆይተህ ና» ብሎ ይመልሰዋል። እውነተኛ ላኪ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይሞክራል፤ ስፓም የሚረጭ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ አንዴ ተጭናችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ታገሡ። ደጋግማችሁ ስትጫኑ አዲሱ ሊንክ በአብዛኛው የቀድሞውን ይገድለዋል። ጂሜይል ደግሞ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ይደራርባቸዋል። የላይኛውን ከፍታችሁ «ጊዜው አልፏል» ብትባሉ አትናደዱ፤ ታች ያለው የመጨረሻው ነው የሚሠራው።

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፗ ላይ የመግቢያ ገጹን ከፍታ ኢሜይል የሚጻፍበትን ሳጥን ስትነካው የማታውቀው አድራሻ ወጣ። ስሟ፣ ከዚያ 1992።

«ይሄ ደግሞ የማነው?»

የራሷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስልክ ስትገዛ የሱቁ ልጅ በትውልድ ዘመኗ የከፈተላት። መስታወቱ የተሰነጠቀው አሮጌ ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቻርጅ አደረገችው፣ ዋይፋይ አገናኘችው፤ ኢሜይሉ እንደተከፈተ ነው። ሰባተኛውን በዚያ አድራሻ ጠየቀች። ደቂቃ ሳይሞላ ኢንቦክሷ ገባ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ማመልከቻውን ልካ ተኛች።

እሑድ ጠዋት እናቷ ደወሉ። «አንተ፣ እስቲ የኔንም እየው» አሉኝ። «ኢሜይል ላይ ማን እንደምባል እንኳ አላውቅም።»