ከደሴ ወደ ወልዲያ

ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ወልዲያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የባዮሜዲካል መሣሪያዎች ጥገና ክፍል አስተባባሪ ሆኜ ሥራ እጀምራለሁ። ወሬው በየቡናው ዞሮ ሌላ መልክ ከመያዙ በፊት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው። "አስተባባሪ" የሚለው እንዳያሳስታችሁ፤ ክፍሉ እኔን ጨምሮ ሦስት ሰው ነው፣ ካቻቪቴም ከእጄ አይወጣም።

ደሴ ላይ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሕሙማን ሞኒተር የኦክስጅን ንባቡ እየጠፋ አስቸገረ ተብዬ ተጠራሁ። ዲግሪ ይዤ መጥቼ የለ? ወዲያው ፈታሁት፤ ግማሽ ቀን ቦርዱን በመልቲሜትር ስለካ ዋልኩ። ጋሼ ስንለው የኖርነው አንጋፋ ቴክኒሻን ገባና ማሽኑን እንኳ ሳያይ ነርሷን "መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?" አላት። "አልጋውን ስናንቀሳቅስ" አለችው። ጣት ላይ የሚሰካው ሴንሰር ገመዱ ውስጥ ውስጡን ተቆርጦ ኖሯል። "አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ሰው ጠይቂ፤ ማሽኑ የትም አይሄድብሽም" አለኝ። ጋሼ፣ አዲሱን ሥራ ለማግኘት ስፈተን "አንድ ብልሽት ሲነገርሽ ከምን ትጀምሪያለሽ?" ሲሉኝ የመለስኩት ያንተን መልስ ነው።

የንብረት ክፍላችንንም ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። የተበላሸ ዕቃ አልጥልም እያለ መጋዘኑን ሲሞላ ስቀንበታል፤ እኔም ስቄያለሁ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሥራ ስንመለስ ከብዙው ዎርድ የቀረው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ነበር። ያን ጊዜ ከዚያ "ቆሻሻ" ውስጥ ሦስት የሞቱ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮች አውጥተን፣ የአንዱን ኮምፕረሰር ከሌላው ማጣሪያ ጋር አገናኝተን አንድ የሚሠራ አቆምን። ስሜ ሪፖርቱ ላይ ሰፍሯል፤ የእሱ ግን የለም። እዚህ ይስፈርልኝ።

በሌሊት የምትደውሉልኝ ነርሶች፣ ስነጫነጭባችሁ የቻላችሁኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኃላፊዬ መልቀቂያዬን የፈረሙልኝ መርቀውኝ ነው። ዓርብ ዕለት ቡናው ተፈልቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ገሚሱ አሚን ገሚሱ አሜን እያለ ስትሸኙኝ ያልተናገርኩት ሆድ ብሶኝ እንጂ ኮርቼ አይደለም።

ወልዲያ ያላችሁ፣ ለሆስፒታል ቅርብ የሆነ ውሃ የማይጠፋበት የሚከራይ ቤት ካያችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

በእኔ ቦታ ለምትተካው ወይም ለምትተኪው፦ የቀዶ ሕክምናው አውቶክሌቭ የበሩ ጎማ አሁንም እንፋሎት ያስወጣል። ሁለቴ ቀይሬው አልተሳካልኝም፤ እኔ የጠረጠርኩት ማጠፊያውን ነው። ማስታወሻዬ ከላይኛው መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ስልኬም ያው ነው።