ጉዳዩ፦ በስም መመሳሰል የታገደ ሂሳቤ እንዲለቀቅና ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባንኩ ጅማ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

እኔ ከድር አወል አባፊጣ ሄርማታ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በ4471 የሚያልቀው ተንቀሳቃሽ ሂሳቤ ከኅዳር 8 ጀምሮ ታግዷል። ውስጡ 186,400 ብር አለ። መታገዱን የነገረኝ የለም። ለሠራተኞቼ ደመወዝ ላስተላልፍ ስል ሞባይሉ እምቢ ሲለኝ ነው ያወቅሁት።

መስኮት ላይ ስጠይቅ «የፍርድ ቤት እግድ አለ» ተባልኩ። ደብዳቤውን ማየት አልተፈቀደልኝም። ሠራተኛዋ ግን፣ እግዜር ይስጣት፣ ስሙን ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበችልኝ፦ ከድር አወል መሐመድ። ሰውየው ሞክሼዬ ነው። ጅማ መርካቶ ቆሞ «ከድር አወል!» ብሎ የሚጣራ ሰው ስንቱ ዞር እንደሚልለት እናንተም አታጡትም። የአያት ስም የሚጻፈው ለዚሁ ነው። መታወቂያዬም፣ ፋይዳዬም፣ ንግድ ፈቃዴም፣ እናንተ ዘንድ ያለው የፊርማ ካርዴም «አባፊጣ» ነው የሚሉት። ተከስሼ አላውቅም፤ መጥሪያም አልደረሰኝም።

የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርሳችሁ መፈጸም ግዴታችሁ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ትእዛዙ የሚፈጸመው በተጻፈበት ሰው ላይ ነው። «ፍርድ ቤት ሄደህ እግዱን አስነሳ» መባሌም አልገባኝም። ፍርድ ቤቱ እኔን አላገደኝም፤ ምን ብዬ ነው የማመለክተው? ያልተጣራው እናንተ ጋ ነው፤ የሚስተካከለውም እናንተው ጋ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ቼኩ ነው። ከእገዳው በፊት ለጣውላ አቅራቢዬ የ62,000 ብር ቼክ ጽፌለት ነበር። ኅዳር 11 ሳይከፈለው ተመለሰ። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል እንደሚያስከስስ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ብሬ እናንተው ዘንድ ተቀምጦ እኔ ደረቅ ቼክ ሰጪ ልባል አይገባም። ሰውየው ዱቤ የሚሰጠኝ በቃሌ አምኖ ነው፤ አሁን ስልኬን በቅጡ አያነሳም።

ስለዚህ ሂሳቤ ዛሬውኑ ይለቀቅልኝ። እገዳው የተጣለበት ምክንያትም በጽሑፍ ይሰጠኝ፦ የትኛው ፍርድ ቤት፣ በምን መዝገብ ቁጥር፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ሙሉ ስም እንዳዘዘ፣ ከእኔ ሂሳብ ጋርስ በምን እንደተገናኘ። የትእዛዙ ቅጂ ቢያያዝልኝ ደግሞ ነገሩ ያጥራል። ቼኩ የተመለሰው በእገዳው እንጂ በስንቅ ማነስ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ለአቅራቢዬ ይጻፍልኝ፤ በእኔ ላይ የተመዘገበ ነገር ካለ ይሰረዝ። እገዳው ትክክል ነው የምትሉ ከሆነም ያንኑ ፈርማችሁ ስጡኝ። የቃል መልስ ይዤ የትም መሄድ አልችልም።

በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ቅሬታዬን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቀርባለሁ።

ስልኬ ሂሳብ ስከፍት በሞላሁት ቅጽ ላይ አለ። የመታወቂያዬን፣ የንግድ ፈቃዴንና የተመለሰውን ቼክ ቅጂ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ከድር አወል አባፊጣ

ግልባጭ፦
ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል
አዲስ አበባ