የመጠጥ ውኃ ምንጭና ውኃን ቤት ውስጥ የማከም ልማድ

በሁለቱ ቀበሌዎች ባካሄድነው የቤት ለቤት ዳሰሳ 212 አባወራዎችና እማወራዎች ሁለቱንም ጥያቄዎች መልሰዋል። ጥያቄ 7 የመጠጥ ውኃ በዋናነት ከየት እንደሚቀዳ፣ ጥያቄ 12 ደግሞ ውኃው ከመጠጣቱ በፊት ይፈላ፣ ይጣራ ወይም ክሎሪን ይጨመርበት እንደሆነ ይጠይቃል። በሠንጠረዡ በእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ የተጻፈው የቤተሰብ ቁጥር ሲሆን በቅንፍ ያለው የረድፍ መቶኛ ነው።

| የውኃ ምንጭ | ሁልጊዜ ያክማል | አልፎ አልፎ | አያክምም | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| የግቢ ቧንቧ | 24 (25%) | 30 (31%) | 42 (44%) | 96 |
| ቦኖ | 28 (35%) | 24 (30%) | 28 (35%) | 80 |
| የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ | 9 (33%) | 7 (26%) | 11 (41%) | 27 |
| ያልተጠበቀ ምንጭ | 6 (67%) | 2 (22%) | 1 (11%) | 9 |
| ድምር | 67 (32%) | 63 (30%) | 82 (39%) | 212 |

የመጨረሻው ረድፍ መቶኛ 101 የሚሆነው በማጠጋጋት ምክንያት ነው። መቶኛውን በረድፍ ያሰላነው የውኃው ምንጭ በልማዱ ላይ ያለውን ልዩነት ለማየት ስለፈለግን ነው፤ በዓምድ ቢሰላ ኖሮ ሁልጊዜ ከሚያክሙት 67 ቤተሰቦች 36 በመቶው የቧንቧ ተጠቃሚ ሆኖ ይታይና፣ ብዛታቸው ብቻ ያመጣው ውጤት የጥንቃቄያቸው ማስረጃ ይመስል ነበር።

ባልተጠበቀ ምንጭ ረድፍ ዓይን የሚስበው 67 በመቶ ግን ሊጠቀስ የማይገባው ቁጥር ነው። ከዘጠኝ ቤተሰቦች የስድስቱ መልስ ነውና፣ ከስድስቱ አንዷ እማወራ «አልፎ አልፎ» ብትል ኖሮ ወደ 56 በመቶ ይወርድ ነበር፤ በቧንቧ ረድፍ ግን አንድ ቤተሰብ መልሱን ቢቀይር ለውጡ አንድ ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። ባልተጠበቀ ምንጭ ረድፍ፣ ልማዱ ከውኃው ምንጭ ጋር ባይያያዝ ኖሮ በሦስቱም ክፍሎች የሚጠበቀው ብዛት ከ5 በታች በመሆኑ፣ ከ12ቱ ክፍሎች ሩቡ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የሚመረምረውን የካይ ስኩዌር ፈተና የተለመደ መስፈርት አያሟላም። ረድፉን ከጉድጓዱ ጋር ማዋሃድ ቁጥሩን ያሳድጋል፤ ሆኖም ያልተጠበቀ ምንጭን ከተጠበቀ ጉድጓድ ጋር መደመር የጥያቄውን ፍሬ ነገር ስለሚያጠፋ አላደረግነውም። ረድፉን ትተን በቀሪዎቹ 203 ቤተሰቦች ያካሄድነው ፈተና 2.6 (የነጻነት ደረጃ 4፣ የፒ ዋጋ 0.63) ሰጥቷል፤ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ብቻም በቀላሉ ሊታይ ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ በቧንቧና በቦኖ ተጠቃሚዎች መካከል የሚታየው የ25 እና የ35 በመቶ ልዩነትም እንደ ግኝት አይቀርብም።

ሌላው ጉዳይ የመልስ ሰጪዎች ምስጢር ነው። ከምንጩ የሚቀዱት ዘጠኙም በአንድ ጎጥ ስለሚኖሩ፣ «አያክምም» በሚለው ክፍል ያለችው አንዲት ቤተሰብ ማን እንደሆነች ጎረቤት ሳይቸገር ያውቃል። ስለዚህ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ቅጂ የምንጩን ረድፍ አይይዝም፤ የታችኛው ድምርም ወደ 203 ተስተካክሎ ይጻፋል፣ አለበለዚያ በመቀነስ ብቻ የተሰወረውን ቁጥር ማግኘት ይቻላል። በሚቀጥለው ዙር ከዚያ ምንጭ የሚቀዱ ቤተሰቦች ሁሉ እንዲጠየቁ በናሙና ዕቅዱ ላይ ተመዝግቧል።