የሙያ ፈቃድ ፈተና ለመፈተን የ3 ቀን ዕረፍት ስለመጠየቅ

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ከኅዳር 25 እስከ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኢንጂነር፣

ለመሐንዲስነት የሙያ ፈቃድ ፈተና ተመዝግቤያለሁ። ፈተናው ቅዳሜ ኅዳር 27 አዲስ አበባ ይሰጣል። ስለዚህ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ከሥራ እንድቀር እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ሰኞ ኅዳር 29 ጠዋት ሳይት እገኛለሁ። የፈተና መግቢያ ወረቀቴን ኮፒ አያይዣለሁ።

ቀኖቹ ከዓመት ዕረፍቴ ይቀነሱ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። እኔ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ እዚህ እየሠራሁ ነው፤ ከዘንድሮው የወሰድኩት 6 ቀን ብቻ ነው፣ እሱም እናቴ ታማ መሐል ሜዳ የሄድኩ ጊዜ።

ለአንድ ቀን ፈተና ሦስት ቀን ለምን እንደሚሉኝ ገብቶኛል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰላሙ ቀን ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ግን መንገዱ አንዳንዴ እንደሚዘጋ ያውቃሉ። በዋዜማው ተነስቼ ቢዘጋብኝ ፈተናው ያልፈኛል። ሐሙስ ከደረስኩ ዓርብን በጸጥታ አጠናበታለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ካምፕ ውስጥ በጄኔሬተር ድምፅ ማጥናት አልሆነልኝም።

አሁን ወደሚያሳስብዎት ልምጣ፤ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የ2ኛው ወለል ሶሌታ ሙሌት በፕሮግራሙ መሠረት ማክሰኞ ኅዳር 23 ነው። እንደዚያ ከሆነ አርማታው ገና ሁለት ቀኑ ላይ እያለ ጥዬው ልሄድ ነው፤ ይህን ደግሞ አልፈልግም። በዚህ ወር የደብረ ብርሃን ውርጭ ቀልድ አያውቅም። ሌሊት ያልጠነከረ አርማታ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ከሆነ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም፤ ጠዋት ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይደክማል። ስለዚህ ሙሌቱን በአንድ ሳምንት ቀደም አድርገን ማክሰኞ ኅዳር 16 እንድናደርገው ሐሳብ አቀርባለሁ።

ይቻላል ወይ? ከፎርማኑ ከጋሽ ደምሴ ጋር ቁጭ ብለን አይተነዋል። ካሳፎርማው አልቋል። ፌሮው የ3 ቀን ሥራ ይቀረዋል። ዓርብ ኅዳር 12 ሚካኤል ስለሆነ ሠራተኛ እንደማይገባ ቆጥረን ነው ያሰላነው፤ ሐሙስ ማታ ፌሮው ካለቀ አማካሪው ቅዳሜ ያየዋል። ሶሌታና ቢሙ አንድ ላይ 37 ሜትር ኩብ ነው። በኩብ 360 ኪሎ ሲታሰብ ወደ 133 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈልጋል። መጋዘን 150 ኩንታል አለ። ሙሌቱን ጠዋት ጀምረን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ከጨረስን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ላስቲክና ጆንያ እናለብሰዋለን። ውኃ የምናጠጣው ደግሞ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወዲህ ነው።

እንዲህ ከሆነ ሰባቱን ቀን እኔው ራሴ አጠጥቼ፣ የ7 ቀኑን ኪዩብ ኅዳር 23 አስመትቼ ነው የምሄደው። የ28 ቀኑ ታኅሣሥ 14 ስለሚውል እዚሁ ነኝ። ድጋፎቹን ማንም እስክመለስ እንዳይነካ ለአናጢዎቹ ነግሬያለሁ፤ በጽሑፍም እለጥፋለሁ። በሌለሁባቸው ቀኖች የሚሠራው የብሎኬት ሥራ ብቻ ነው። እሱን ኦፊስ ኢንጂነሯ ሰላማዊት ልትከታተልልኝ ተስማምታለች፤ የሳይት መዝገቡንም እሷ ትሞላለች።

ስልኬ ክፍት ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ፈተና ክፍል ስለምሆን ይዘጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት ለዚሁ ፈተና ዕረፍት በቃል ጠይቄ ነበር። ፋውንዴሽን ላይ ስለነበርን ነገሩ ተረሳ፣ እኔም ደግሜ ሳላነሳው ቀኑ አለፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በወረቀት ማቅረብ ነበረብኝ። ዘንድሮ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሜ የጻፍኩት ለዚያ ነው። የሙያ ፈቃዱን ካገኘሁ ዛሬ ሌላ ሰው እስኪመጣ የምንጠብቅባቸውን አንዳንድ ፊርማዎች እኔው መፈረም እችላለሁ፤ ለፕሮጀክቱም ይቀልለታል።

የሙሌቱ ቀን ይቀየር ወይስ አይቀየር የሚለውን እስከ ረቡዕ ኅዳር 10 ቢያሳውቁኝ ለአማካሪው ደብዳቤ አዘጋጃለሁ። ሐሳቡ ካልተመቸዎት መጥቼ ላነጋግርዎት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር

ናትናኤል
ሳይት መሐንዲስ

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል አስተዳደር
ለኦፊስ ኢንጂነር