ምክንያቱ ሳይገለጽ የተፈጸመ የተማሪ ዝውውርን ስለመቃወም

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ
ለቅሬታ ሰሚ ክፍል
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ሰብለ ታደሰ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቅድስት በላይ ወላጅ እናት

እኔ አመልካች፣ ልጄ ቅድስት በላይ ከ1ኛ ክፍል ጀምራ ስትማርበት ከቆየችው የመንግሥት ትምህርት ቤት በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ቀን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዘዋውራለች በመባሏ፣ እኔም ሆንኩ አባቷ ሳንጠየቅ ምክንያቱም በቃልም በጽሑፍም ሳይነገረን የተፈጸመውን ይህን ዝውውር በመቃወም ማመልከቻዬን አቀርባለሁ። የሁለቱም ትምህርት ቤቶች ስም በአባሪነት ባያያዝኩት የዝውውር ወረቀት ላይ ስለሚገኝ እዚህ አልደገምኩትም።

ሰኞ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ልጄ እንደ ወትሮዋ የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ክፍል ገብተው የክፍል ኃላፊ መምህሯ ስም ሲጠሩ የእርሷን ስም አልፈው ቀጣዩን ጠሩ። የተረሳች መስሏት እጇን ብታወጣ ወደ መዝገብ ቤት እንድትሄድ ታዘዘች፤ እዚያም አንዲት ወረቀት ተሰጥቷት «ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ተማሪ አይደለሽም» ተብላ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ «እማዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ላለፉት 11 ቀናት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ፤ እስካሁን የመለሰልኝ ሰው የለም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት 16 ዓመት ያገለገልኩ በመሆኔ ለልጄ የተሰጣትን ወረቀት በጥንቃቄ መርምሬዋለሁ። ግማሽ ገጽ ናት። የልጄ ስም፣ የክፍል ደረጃዋና የምትሄድበት ትምህርት ቤት ስም ተጽፎባታል፤ ወጪ ቁጥር ግን የላትም፣ ቀን አልተጻፈባትም፣ «የዝውውሩ ምክንያት» ከሚለው ቀጥሎ ያለው መስመር ባዶ ነው፣ ከክቡ ማኅተም ሥር ያለው ፊርማም የፈራሚው ስምና የሥራ ኃላፊነት ስላልተጻፈበት የማን እንደሆነ አይታወቅም። እንዲህ ያለ ወረቀት በእኔ ጠረጴዛ በኩል ቢመጣ ወደ ላኪው ክፍል ከመመለስ በቀር በየትኛውም ፋይል ውስጥ አላስገባውም። የአንዲት ልጅ የትምህርት ዕጣ ግን በዚህ ወረቀት ተወስኗል።

በማግስቱ ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተዘዋዋሪ ተማሪዎች ዝርዝር ተለጥፎ አገኘሁ። ዝርዝሩ የ14 ተማሪዎችን ስም የያዘ ሲሆን ከተራ ቁጥር 1 እስከ 13 ያሉት በኮምፒዩተር የተጻፉ ናቸው፤ 14ኛው የልጄ ስም ግን ከሠንጠረዡ መስመር በታች በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጨመረ ነው። የ13ቱን ልጆች ወላጆች አብዛኛዎቹን አውቃቸዋለሁ። ሠፈራችን በከፊል ለልማት በመፍረሱ ቤታቸውን ለቀው በሌላ ክፍለ ከተማ ምትክ ቤት የተሰጣቸው ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ለልጆቻቸውም በአዲሱ መኖሪያቸው አቅራቢያ ትምህርት ቤት እንዲፈለግላቸው ራሳቸው አመልክተዋል። የእኛ ቤት አልፈረሰም፣ እንደሚፈርስም የተነገረን ነገር የለም፤ የነዋሪነት መታወቂያዬም የቤታችንም ቁጥር እንደነበሩ ናቸው። ምናልባት ስሟ ከተነሺዎች ጋር በስሕተት ተደባልቆ ከሆነ ስሕተት በማንም ዘንድ የሚያጋጥም ስለሆነ ታርሞ ልጄ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ከመጠየቅ በቀር ሌላ የምለው አይኖረኝም። ይሁን እንጂ ይህንኑ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ባስረዳቸው «ከላይ የመጣ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» አሉኝ። ሐሙስ የካቲት 6 ቀን ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስሄድ ደግሞ «እኛ የላክነው ዝርዝር 13 ተማሪዎችን ብቻ የያዘ ነው፣ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ» ተባልኩ። ሰኞ የካቲት 10 ቀን ጥያቄዬን በጽሑፍ ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ብመለስ ማመልከቻውን ተቀበሉኝ፤ በቀሪው ኮፒ ላይ ግን የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲጽፉልኝ ስጠይቅ ፈቃደኛ አልሆኑም።

ልጄ ከትምህርት ቤቱ እንድትወጣ የሚያደርግ አንዳች ምክንያት ሊገኝ ይችላል ብዬ ያለፉትን ዓመታት ካርዶቿን ሁሉ አውጥቼ ተመልክቻለሁ። በዚህ ዓመት የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት አማካይ ውጤቷ 87.4፣ ደረጃዋ ከ52 ተማሪዎች 4ኛ፣ ጠባይዋ «ሀ» ነው። የቀረችው ሁለት ቀን ብቻ ሲሆን እርሱም ታማ ስለነበር የጤና ጣቢያ ማስረጃ አቅርበናል። የጠፋባት የመማሪያ መጽሐፍ የለም፣ የተከሰሰችበት የዲሲፕሊን ጉዳይ የለም፣ ለወላጅ የተላከ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደርሶን አያውቅም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ለቢሮው ሙሉውን ያልተናገርኩ ስለሚሆን በግልጽ እጽፈዋለሁ። በታኅሣሥ ወር በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ውኃ ከተቋረጠበት ወራት እንዳለፉ፣ በዚህም የተነሳ ልጆቻችን በወር አበባቸው ሰሞን ከትምህርት ገበታቸው እንደሚቀሩ ተነሥቼ ተናግሬ ነበር። የተናገርኩት በአክብሮት ነው፣ ዛሬም እውነት ነው ብዬ አምንበታለሁ። የልጄ ዝውውር ከዚህ ንግግሬ ጋር ይገናኛል ብዬ ማንንም አልከስስም፣ እንዲገናኝም አልመኝም። ሆኖም የዝውውሩ ምክንያት ባዶ መስመር ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ልጄ «እማዬ በመናገሯ ነው» ብላ እንዳታስብ ማድረግ አልቻልኩም፤ ትናንት ይህንኑ ጠይቃኛለችና።

ዝውውሩ በልጄና በቤታችን ላይ ያስከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ከቤታችን እስከ ነባሩ ትምህርት ቤት በእግር 12 ደቂቃ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ፣ በመሐልም የቀለበት መንገዱን መሻገር ያስፈልጋል፤ ይህም ደርሶ መልስ በቀን አራት ታክሲ ማለት ነው። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር በመሆኑ ከወር አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለም፣ እኔም ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከቤት ስለምወጣ የ3ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ታናሽ ወንድሟን ጠዋት የምታደርሰውም ከሰዓት በኋላ የምትመልሰውም እርሷ ነበረች። እርሱ ከዝውውሩ ውጭ ሆኖ በነባሩ ትምህርት ቤት ስለቀረ በእነዚህ ቀናት ጎረቤት እየለመንኩ ነው የማስወስደው።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ጉዳይ ነው። የፈተናው ስም ዝርዝር በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በነባሩ ትምህርት ቤት ሲሞላ ልጄም ሙሉ ስሟንና ፎቶግራፏን ሰጥታለች። ዝውውሩ ያልገባኝን ያህል ልጄ ከትምህርት ውጭ እንዳትሆን በማሰብ ረቡዕ የካቲት 12 ቀን ይዣት ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። በመልካም ሁኔታ ተቀብለው ያነጋገሩን ሲሆን በእነርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ነገር ግን የመሸኛ ደብዳቤዋና የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤቷ ስላልደረሳቸው ሊመዘግቧት እንደማይችሉ ነገሩኝ። ስለዚህ በአንዱ ትምህርት ቤት ከመዝገብ ተሰርዛለች፣ በሌላው ገና አልተመዘገበችም፤ ዛሬ በየትኛውም ትምህርት ቤት ስሟ የማይጠራ ልጅ ሆናለች። በሚቀጥለው ዓመት 9ኛ ክፍል ስትገባ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዛወሯ እንደማይቀር እየታወቀ፣ ለፈተና የሚቀሯት ጥቂት ወራት ሲሆኑ አሁን ከመምህራኖቿና ከጥናት ጓደኞቿ መለየት ለማን እንደሚጠቅም ብዙ አስቤ ሊገባኝ አልቻለም።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ የአስተዳደር አካላት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናቱን ደኅንነት በቀደምትነት ማሰብ እንዳለባቸው ደንግጓል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 አንድ ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመሰማት መብት እንዳለው ይናገራል። ልጄን ማንም አልጠየቃትም። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን የማዘዋወር ሥልጣን የላቸውም እያልኩ አይደለም፤ ክፍል ሲጠብም ሆነ ሠፈር ሲነሣ ዝውውር እንደሚያስፈልግ እረዳለሁ። ምክንያቱ ተጽፎ ቢሰጠኝ አምኜበት እቀበለው ወይም ማስረጃ አቅርቤ እከራከርበት ነበር። ያልተነገረን ምክንያት ግን መቀበልም መከራከርም አይቻልም።

ስለሆነም ቢሮው ጉዳዩን በአስቸኳይ ተመልክቶ፣ በመጀመሪያ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ልጄ ከሰኞ የካቲት 17 ቀን ጀምሮ በነባሩ ክፍሏ ገብታ እንድትማርና ስሟ በፈተናው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ መቆየቱ ተረጋግጦ እንዲነገረኝ፤ ቀጥሎም ዝውውሩን ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደወሰነና ስሟ በእስክሪብቶ ወደ ዝርዝሩ እንዴት እንደገባ ተጣርቶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፤ በቂ ምክንያት ካልተገኘ ደግሞ ዝውውሩ ተሰርዞ፣ ያለ ጥፋቷ ያመለጧት ትምህርቶችና የክፍል ፈተናዎች እንዲካካሱላት፣ የቀረችባቸው ቀናትም በካርዷ ላይ እንደ መቅረት እንዳይመዘገቡባት እንዲታዘዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለመጠየቅ በምፈለግበት ጊዜ ሁሉ ልጄን ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ፤ እርሷም የምትናገረው አላት።

ከዚህ ማመልከቻ ጋር የዝውውር ወረቀቱን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ዝርዝር ፎቶግራፍ፣ የልጄን የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት ካርድ፣ የጤና ጣቢያ ማስረጃውን፣ የነዋሪነት መታወቂያዬን፣ የካቲት 10 ቀን ለትምህርት ቤቱ የሰጠሁትን ማመልከቻ እንዲሁም ሙሉ አድራሻዬንና ስልክ ቁጥሬን በድምሩ 7 ገጽ አያይዤ አቅርቤያለሁ። የዚህን ማመልከቻ ሁለተኛ ኮፒ የያዝኩ በመሆኑ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ሰብለ ታደሰ
የተማሪ ቅድስት በላይ ወላጅ እናት

ግልባጭ፦
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለትምህርት ቤቱ ወላጅ መምህር ኅብረት