ትዕግስት፣ ስለ መግቢያሽ

ሰላም ትዕግስት፣

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ድራፍት ቅዳሜና እሁድ አንብቤ ጨረስኩ። ከምዕራፍ 2 ጀምሬ እስከ መደምደሚያው ሄድኩና መግቢያውን መጨረሻ ላይ አነበብኩት። ሆን ብዬ ነው። መግቢያውን ካስቀደምኩ ቃል የተገባውን እየፈለግሁ ስለማነብ፣ የተሠራው ያመልጠኛል።

ምዕራፎቹ ጥሩ ናቸው። ሁለተኛውና አራተኛው በጣም ጥሩ ናቸው። መግቢያው ግን የሌላ ሰው ጽሑፍ መግቢያ ይመስላል። አገር ምድሩን ሠርግ ጠርተሽ ሽሮ ያቀረብሽ ያህል ነው። ሽሮው ይጣፍጣል፣ ሁለቴ ነው የቆረስኩት። ጥፋቱ ያለው ጥሪ ካርዱ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንነሳ። «ይህ ጥናት ሃይማኖት የኢትዮጵያን ሕዝብ ማንነት በመቅረጽ ረገድ ከጥንት ጀምሮ እስከ ደርግ ውድቀት ድረስ የተጫወተውን ሚና በጥልቀት ይመረምራል።» እስቲ ቃል በቃል እንየው። «ሃይማኖት» ብለሻል። የትኛው? «የኢትዮጵያ ሕዝብ» ብለሻል። ያናገርሻቸው 23 ሰዎች ሁሉም አዲስ አበባ የሚኖሩ ናቸው። «ከጥንት ጀምሮ» ብለሻል። ጥንት የሚባለው ገጽ 4 ላይ በሁለት አንቀጽ አክሱምን አልፎ፣ በአንድ አንቀጽ ግራኝን ተሻግሮ አለቀ። «በጥልቀት» የሚለውንማ አንባቢው ይፍረድ፣ አንቺ አትበይው። «ሚና መጫወት» የሚለውን ደግሞ ለቴአትር ቤት እንተውላቸው።

ዓመቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፈታኞቹ እዚያው ነው የሚይዙሽ። ርዕስሽ «1966–1983» ይላል። ምዕራፍ 4 ግን የሚጀምረው በ1964 ነው፤ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ እያሉ የሙሉ ወንጌል አማኞች ሲታሰሩ። ትክክል ነሽ፣ ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ነው። የጸሎት ቤት መዝጋት ደርግ የፈጠረው ነገር እንዳልሆነ ያሳየሽው በዚህ ነው። ታዲያ ርዕሱ ለምን በ1966 ይጀምራል? መጨረሻውስ? ግርጌ ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። በሦስቱም ምዕራፎች ካለው ሰነድ የመጨረሻው የ1974 ነው። ከዚያ እስከ 1983 ያለውን ዘጠኝ ዓመት ያነሳሽው መደምደሚያው ላይ ነው፣ እሱንም በግማሽ ገጽ። ስለዚህ ጥናትሽ የ1964–1974 ነው። አሥር ዓመት። አሥር ዓመት ያንሳል ብለሽ አትፈሪ፣ ንጉሥ ወርዶ፣ ፓትርያርክ ወርዶ፣ መሬት ባለቤት የቀየረበት አሥር ዓመት ነው።

ቀጥሎ፣ ገጽ 6። «የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የወንጌላውያን፣ የካቶሊክ፣ የቤተ እስራኤልና የዋቄፈና ተከታዮች የዕለት ተዕለት የእምነት ሕይወት» ይላል። ካቶሊኮች አንድ ግርጌ ማስታወሻ አላቸው። ቤተ እስራኤልና ዋቄፈና መግቢያው ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጠርተው በዚያው ቀሩ። «እስከ ደርግ ውድቀት ድረስ» እያልሽ ቤተ እስራኤልን ስትጠሪ፣ ማንም ሰው በ1977 በሱዳን በኩል የወጡትን ይጠብቃል። አንድ ፈታኝ «እነሱስ የት አሉ?» ቢል ምን ትመልሻለሽ? ስማቸውን አውጪው። የማታስተናግጂውን እንግዳ በር ላይ አታቁሚ።

«የዕለት ተዕለት የእምነት ሕይወት» የሚለውም አብሮ ይውጣ። ይሄ ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ከዝርዝር ስህተት ያለፈ ነገር ነው። ምዕራፎችሽ ስለ እምነት አይደሉም። ሰው እንዴት እንደጸለየ፣ ለምን እንደጾመ፣ ምን እንደፈራ አይናገሩም። ስለ ተቋማት ነው የሚናገሩት፤ ስለ ደብዳቤ፣ ስለ ማኅተም፣ ስለ ቃለ ጉባኤ። ይህን ስልሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤ ማንበብ ትችያለሽ፣ ብዙ ሰው አይችልም።

ለምሳሌ ገጽ 74። ከአንድ የገጠር ደብር ለሀገረ ስብከቱ የተጻፈው ደብዳቤ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጁ ወጥቶ የሰሞን መሬቱ ከሄደ በኋላ አስተዳዳሪው የሚለምኑት ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ነው። ስለ ሶሻሊዝም ምንም አላሉም። ስለ አብዮት ምንም አላሉም። ዘቢብ ከሌለ ቅዳሴ የለም፣ ቅዳሴ ከሌለ ቤቱ ምኑን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በቃ። አንቺ ደግሞ ከሥሩ ሰበካ ጉባኤው የመዘገበውን የአባላት መዋጮ አስቀመጥሽ፤ 25 ሳንቲም፣ 50 ሳንቲም። መሬት ሲሄድ ሳንቲም መጣ። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ቃለ ዓዋዲው፣ ከአብዮቱ በፊት ወጥቶ ስለነበር መዋጮ የሚሰበስብ አካል ቢያንስ በወረቀት ደረጃ ተዘጋጅቶ ነበር የምትይው ክርክር ያንቺ ነው፣ ጠንካራም ነው። መግቢያው ላይ ግን የለም! «ማንነት» እያልሽ ስትሰብኪ ዘቢቡን ረሳሽው።

ምዕራፍ 3ም እንደዚያው ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞቹ ሰልፍ ሲወጡ ከጠየቁት አንዱ ስለ ስማቸው ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ይቅር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን አሉ። በዓሎቻቸውም ይከበሩልን አሉ፣ በ1967 ተከበረ። ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል። ከዚያ ያ የትምህርት ቤት መምህር የጻፈው ማመልከቻ አለ፣ ፈተናው ኢድ ላይ ዋለብን የሚለው። የበዓላቱ አዋጅ ከወጣ በኋላ የተጻፈ ነው። አዋጅ መውጣቱና የፈተና ሰሌዳ መቀየሩ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን በአንድ ወረቀት አሳየሽ። መግቢያው ይህን ሁሉ «የእስልምና መነቃቃት» ብሎት አለፈ። መነቃቃቱን የሚያሳይ ምን አለሽ? ያለሽ ስለ ቀን የተደረገ ሙግት ነው።

ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ ቤት ነው። የልደት ኬክ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ቀስ ብለው የዘመሩት ሴትዮ። የቀበሌ ጥበቃ ሲያንኳኳ ኬኩ ይቆረሳል። በወር ሦስቴ ልደት የሚከበርበት ቤት! እየሳቅሁ አነበብኩት፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ገጽ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ሲታፈኑ ሳቄ ቆመ። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ማድረግሽን ወድጄዋለሁ። አትንኪው።

እንግዲህ ምዕራፎቹ የሚሉት ይህ ነው፦ መሬት፣ ቀን፣ ቤት። መንግሥት እነዚህን ሦስቱን ሲነካ ተቋማቱ እንዴት ኖሩ? ጥያቄሽ ይሄ ነው። ቀድሞም ነበረሽ፣ በትልልቅ ቃላት ሥር ተቀብሮ ነው እንጂ።

«ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ቃል አራት ቦታ አለ። ሦስቱን ሰርዢ። አይዴ ስለ አብዮቱ ዘመን መካነ ኢየሱስ የጻፈውን ራስሽ ግርጌ ማስታወሻ 61 ላይ ጠቅሰሽ፣ ገጽ 9 ላይ «እስካሁን የተነካ የለም» ማለት አይሆንም። አራተኛውን ተይው። ሦስቱን ተቋማት በአንድ ላይ፣ በጽሕፈት ቤት ወረቀት በኩል ማየትን በተመለከተ ቃልሽ ይቆማል።

የንድፈ ሐሳቡ ክፍል 11 ገጽ ነው። ፋይሉ ላይ «ዌበር» ብዬ ፈለግሁ። ከገጽ 31 በኋላ አንድም ቦታ የለም። «ዱርኬም»ም እንደዚያው። ካልተጠቀምሽባቸው ደህና ሁኑ በያቸው። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ እሱም «ተቋም» ስትይ ምን ማለትሽ እንደሆነ ለማስረዳት።

የመክፈቻውን አንቀጽ እንዲህ ሞክሬዋለሁ። እንዳለ ውሰጂው አልልሽም፣ ድምፁ ያንቺ ይሁን።

«የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት የተዳደሩበትን መሬት አጡ። በዚያው ዓመት የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ። የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች መዘጋት ደግሞ ከአብዮቱ ሁለት ዓመት በፊት ተጀምሮ ከአብዮቱ በኋላም ቀጠለ። ይህ ጥናት ሦስቱን ለውጦች አያይዞ ያያል። የሚጠይቀውም መንግሥት በመሬት፣ በቀንና በቤት ላይ ሲወስን የሃይማኖት ተቋማት ሥራቸውን በምን ዘዴ እንደቀጠሉ ነው። ከ1964 እስከ 1974 ዓ.ም. የተጻፉ ደብዳቤዎችን፣ ቃለ ጉባኤዎችንና ማመልከቻዎችን፣ እንዲሁም ከ23 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆችን ይመረምራል። ወረቀቱ የሚያሳየው ተቋማቱን እንጂ የምእመናኑን ውስጣዊ እምነት አይደለም፤ ጥናቱም ስለዚያ አይናገርም። ሌሎች እምነቶችን ያላካተተው ተመሳሳይ የጽሕፈት ቤት ሰነድ ስላልተሰበሰበላቸው ነው።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስታነቢ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት የለፋሽበትን ሥራ በራስሽ እጅ ማሳነስ ይመስላል። እኔም በጊዜዬ አማካሪዬ «ይህን አልሠራሁም ብለሽ ጻፊ» ሲሉኝ ሁለት ሳምንት አኩርፌያለሁ። ዲፌንሱ ቀን ግን «ለምን ገጠር አልሄድሽም?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ መልሱ ገጽ 3 ላይ ነበራ።

ርዕሱም ይቀየር። «ሃይማኖትና ማንነት በኢትዮጵያ» የሚለውን ጣይው። «መሬት፣ ቀን፣ ቤት፦ የሃይማኖት ተቋማትና መንግሥት በአዲስ አበባ መዛግብት፣ 1964–1974» ብትይው? ረዘመ ካልሽ «በአዲስ አበባ መዛግብት» የሚለውን ብቻ እንዳትቆርጪ። እሱ ነው የሚያድንሽ።

መግቢያው አሁን 38 ገጽ ነው። 15 ይሁን። የሚወጣውን አትጣይው፣ ሌላ ፋይል ላይ አስቀምጪው፣ አንድ ቀን ጽሑፍ ይሆናል።

ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ነኝ። መግቢያውን ሙሉውን ይዘሽ አትምጪ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ብቻ። ገጽ 74ንም አትሚና አምጪ፣ የዘቢቡን ደብዳቤ የት ጋ እንደምናስገባው አብረን እንይ። እኔ እንደሚመስለኝ ከአዋጁም በፊት፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።