የሶሲዮሎጂ ፈተና ካርታዬ፦ ከታንኳ የሚነሱ መስመሮች

መሃሉ ላይ፣ በትልቁ ክብ፦ የጣና ታንኳ

ታንኳ ──በቤት ይወረሳል──► ማኅበራዊነት (ምዕ. 3)
ልጅ ደንገል ማሰርን ካባቱ እጅ ያያል። ሙያውን ሲማር ደንቡንም ይማራል።

ታንኳ ──ክብር ተነፈገው──► ማኅበራዊ እርከን (ምዕ. 5)
ዋናው ቦታ ይሄ ነው፣ በቀይ አስምሬዋለሁ። ነገደ ወይጦዎች በታንኳ ሥራ የተካኑ ናቸው፤ ግን ለረጅም ጊዜ ተገልለው ኖረዋል።
• ማርክስ፦ የማምረቻ መሣሪያው የማን ነው? ግን ታንኳ ሠሪው መሣሪያውም ደንገሉም በእጁ ነው። እዚህ ጋ ማርክስ ብቻውን አይበቃም።
• ቬበር፦ መደብና ክብር ይለያያሉ። መልሱ እዚህ አለ።

ምዕ. 5 ◄──ንቀትም ይወረሳል──► ምዕ. 3
(ድርብ ቀስት! «አያይዘህ አብራራ» ከተባለ በዚህ ጀምር።)

እምቦጭ ──ሰውን አሰባሰበ──► ትብብር (ምዕ. 2)
ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ዱርካይም፣ 1893 (እ.ኤ.አ.)፦ መመሳሰል ያስተሳስራል፤ የሥራ ክፍፍል ሲሰፋ ደግሞ መደጋገፍ።

ሞተር ጀልባ ──► ማኅበራዊ ለውጥ (ምዕ. 7) ──► ወደ ታንኳ ተመለስ፦ ልጁ አሁን ከማን ይማራል?